ቃሉን የቆረጠው ቁልፉ አይደለም፦ ስለ ፑሽ ቱ ቶክ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

«ፑሽ ቱ ቶክ፣ ማለትም ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ብቻ ማይክ የሚከፈትበት መንገድ፣ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው። አንደኛ፣ የንግግርህን መጀመሪያና መጨረሻ ይበላል፤ ጓደኛህ የሚሰማው መሃሉን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ያዘገያል፤ ጠላት ባየህበት ቅጽበት ቁልፍ ፍለጋ ትገባለህ። ሦስተኛ፣ ጣት ይቀማል፤ እያወራህ እንደ ልብህ መንቀሳቀስ አትችልም። አራተኛ፣ ድሮ ቁልፉን ያስፈለገው የማይክ ጫጫታ ነበር፤ እሱን ጫጫታ አጥፊው ኖይዝ ሰፕሬሽን ፈትቶታል። ስለዚህ ማንኛውም ቡድን ማይኩን በድምፅ እንዲከፈት አድርጎ ቁልፉን ይርሳው።»

ሰሞኑን ተጫዋቾች እየተቀባበሉ ሲያጋሩት የሰነበተው ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ጸሐፊው የዘረዘሯቸው ችግሮች በእርግጥ ያሉ ናቸው፤ ፑሽ ቱ ቶክ ተጠቅሞ አንዱም ያላጋጠመው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የማልስማማው በምክንያታቸውና በመደምደሚያቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአብዛኛው ቁልፉ በትክክል ስላልተዘጋጀ የሚመጡ ናቸው። በአራተኛው ላይ ደግሞ ጸሐፊው የረሱት ሰው አለ፤ እሱም አድማጩ ነው። ቁልፍ ሲኖር ዋጋውን የሚከፍለው ተናጋሪው ነው። ማይኩ በድምፅ ሲከፈት ግን ዋጋው ወደ አድማጮቹ ይዞራል።

ሐሳቡ እንዳይበተን የማወራው ስለ አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ አምስት ለአምስት የሚደረጉ፣ ዱካ ማዳመጥ ወሳኝ የሆነባቸው እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ያሉ የተኩስ ጨዋታዎች፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ ቡድኑ በድምፅ መነጋገሪያው ፕሮግራም በዲስኮርድ እየተነጋገረ። ሁለት ጓደኛሞች ቀስ ብለው ቤት የሚሠሩበት ወይም እርሻ የሚያርሱበት ጨዋታ ከሆነ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም፤ እዚያ ማይኩ ክፍት ቢሆን ማንም አይጎዳም።

ስለተቆረጠው ቃል

ከክሶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በተለይ በአማርኛ ለሚጫወት ቡድን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ቋንቋ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሁለቱም ቢ ላይ» እስከሚለው ድረስ ገና ምንም አልተነገረም። አሉ ወይስ የሉም የሚለው የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው፤ አፍራሹን የምትዘጋውም አንዲት «ም» ናት። ይህች «ም» ከንፈር ተገጥሞ የምትወጣ ደካማ ድምፅ ናት። ተናጋሪው ሐሳቡን እንደጨረሰ ጣቱን ያነሳል፤ አፉ ግን ገና አልጨረሰም። ጣቱም ዘግይቶ ከተጫነ አደጋው ይብሳል። «አልገደልኩትም» የሚለው ቃል ፊቱ «አል»፣ ኋላው «ም» ሲቆረጥ የቀረው «ገደልኩት» ነው። ጓደኛው ጠላቱ ሞቷል ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ችግሩን አጋነውታል አልልም፤ እንዲያውም አሳንሰውታል።

ነገር ግን ኋላውን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ እንይ። ዲስኮርድ ድምፅን የሚልከው በ20 ሚሊ ሰከንድ እየቆራረሰ ነው። ጣት ከቁልፉ ከተነሳ በኋላ ማይኩ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ የሚወስን መቆጣጠሪያ አለው፤ ስሙ `Push to Talk Release Delay` ይባላል። ሳይነካ ሲቀር 20 ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው፤ ማለትም ጣት በተነሳ ማግስት አንዲት ቁራሽ ድምፅ ብቻ አልፋ በሩ ይዘጋል። በፍጥነት የሚናገር ሰው እንኳ አንድ ክፍለ ቃል ለመጨረስ ከዚህ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ቃሉን የሚቆርጠው እንግዲህ ይህ ማንም ያልነካው ቁጥር ነው። የሚገርመው ግን ቁልፉን ሊጥሉ የደረሱ ሰዎች ብዙዎቹ ይህ መቆጣጠሪያ መኖሩን አያውቁም፤ የተጋራው ጽሑፍም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳውም።

ማስተካከያው ያለው `User Settings` ውስጥ `Voice & Video` የሚለው ገጽ ላይ ነው። `Input Mode` የሚለው `Push to Talk` ላይ ሲሆን መንሸራተቻው ይታያል። ለአብዛኛው ሰው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይበቃል። የራስን ልክ ለማግኘት ግን ግምት አያስፈልግም። አንድ ጓደኛ ቻናል ውስጥ ይግባና «ሁለቱም ቢ ላይ የሉም» የሚለውን፣ ጨዋታ ላይ እንደሚባለው ተቻኩሎ፣ አሥር ጊዜ መናገር ነው፤ አንዳንዴ «የሉም»፣ አንዳንዴ «አሉ» እያሉ በዘፈቀደ። ጓደኛው የሰማውን ይጻፍ። መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ100፣ በ200፣ በ300 ይሞከር። አሥሩም ሳይስት የተጻፈበት ትንሹ ቁጥር የዚያ ሰው ልክ ነው። መንሸራተቻው እስከ ሁለት ሰከንድ ይሄዳል፤ ግን ወደዚያ መጠጋት አያዋጣም። ከንግግሩ በኋላ ያለው ትንፋሽ፣ የኪቦርድ ቀጭ ቀጭታና ለራስ የተባለ ማጉረምረም አብሮ ያልፋል፤ ቁልፉ መኖሩ ትርጉም ያጣል። ሌላው መነጋገሪያ ፕሮግራም ቲምስፒክም ተመሳሳይ የማዘግያ ቁጥር አለው። ጨዋታው ውስጥ ያለው የራሱ ድምፅ መነጋገሪያ ግን ብዙ ጊዜ ይህን መቆጣጠሪያ ስለማይሰጥ፣ እዚያ ጣትን አንዲት ትንፋሽ ያህል አዘግይቶ ማንሳትን መልመድ ግድ ነው።

ፊቱን የሚቆርጠው ግን ሴቲንግ ሳይሆን ጣት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ትንፋሽ ስንስብ ቁልፉ ይጫናል፣ ከዚያ አፍ ይከፈታል። ዲስኮርድ ውስጥ `Notifications` በሚለው ገጽ ቁልፉ ሲያዝና ሲለቀቅ አጭር ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል። ልማዱ እስኪይዝ ድረስ ያን ድምፅ ሰምቶ መናገር በጣም ይረዳል። ቁልፉ ጭራሽ ካልሠራም ወዲያው ይታወቃል።

ደግሞስ በድምፅ የሚከፈት ማይክ አይቆርጥም? ይቆርጣል፤ ግን ሌላ ቦታ ነው። የሚከፈተው ከተቀመጠለት ወለል የበለጠ ድምፅ ሲሰማ ነው፤ እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ህ» ያሉ የትንፋሽ ድምፆች ደግሞ ከተከታያቸው አናባቢ በጣም ደካማ ናቸው። «ሁለት» ብሎ የጀመረ ሰው «ለት» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ከቁልፉ የሚለይበት ትልቁ ነገር፣ ተናጋሪው መቆረጡን የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ጣት ስህተቱን ያውቃል፤ «ቀድሜ ለቀቅሁ» ብሎ በሚቀጥለው ያርማል። ወለሉ ግን አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ሰውየው ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ሙሉ አረፍተ ነገር ይውጣል፤ እሱም ተሰማሁ ብሎ ይቀጥላል።

ስለ መዘግየት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጣትና ምላስ ተራ አይጠባበቁም። ሰው ጠላት አይቶ «ኤ ረጅሙ ላይ አንድ» ለማለት ቃል መምረጥና ትንፋሽ መሳብ አለበት፤ ጣቱ የሚጫነው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። ቁልፉ ዘወትር ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፤ ፍለጋ ካለ የቁልፉ ቦታ ነው የተሳሳተው። ድምፁ ከወጣ በኋላ በኔትወርክ የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው።

ይልቅ በእርግጥ ጊዜ የሚበላው የሁለት ሰው ድምፅ መደራረብ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ሲናገሩ ሁለቱም አይሰሙም፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። ይህ ሦስት አራት ሰከንድ ያስከፍላል። ቁልፍ የያዘ ሰው ሌላው እያወራ መሆኑን ሲሰማ ጣቱን ያቆያል። ማይኩ ክፍት የሆነ ሰው ግን «እ…» ሲል፣ ሲስቅና ሲገረም ሁሉ የጓደኛው ንግግር ላይ ይወጣበታል። ያ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ምን እንደሚያልፍና ምን እንደማያልፍ እንዲመርጥ ዕድሉን አልሰጡትም።

ስለ ጣት

ከጸሐፊው ነጥቦች በጣም ትክክለኛው ይህ ነው። ቫሎራንት ለቡድን መነጋገሪያ አስቀድሞ የሚሰጠው ቁልፍ V ነው። የግራ እጅ ጣቶች ባሉበት ሲታይ የቀለበት ጣት A ላይ፣ የመሃል ጣት W እና S ላይ፣ ጠቋሚ ጣት D ላይ፣ ትንሿ ጣት Shift እና Ctrl ላይ፣ አውራ ጣት Space ላይ ነው። V ላይ የሚወርደው ጠቋሚ ጣት ነው። እሱ ወረደ ማለት D ተለቀቀ፤ ማለትም ተጫዋቹ እያወራ ወደ ቀኝ መንቀሳቀስ አይችልም። ከማዕዘን ጀርባ ብቅ ጥልቅ እያለ የሚጫወት ሰው ቀኙን ሲያጣ ግማሹን ጨዋታ አጥቷል። ይህን ተቀብዬ ግን እንዲህ እላለሁ፦ መጣል ያለበት V ነው እንጂ ፑሽ ቱ ቶክ አይደለም።

የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት ማውስ ጎን ካሉት ሁለት ቁልፎች አንዱ ነው። የቀኝ አውራ ጣት በተኩስ ጊዜ ማውሱን ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም። ለካውንተር ስትራይክ 2 የራሱ መነጋገሪያ ኮንሶሉ ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
bind "mouse5" "+voicerecord"
```

የጎን ቁልፍ የራሱ ችግር አለው፤ አውራ ጣት ሲጫን ማውሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ባዶ ማፕ ላይ ማነጣጠሪያውን ግድግዳው ላይ ካለች አንዲት ነጥብ ላይ አድርጎ ቁልፉን ሃያ ጊዜ መጫንና መልቀቅ። ነጥቡ ከማነጣጠሪያው ሥር ከሸሸ ሌላኛውን የጎን ቁልፍ መሞከር ነው፤ አውራ ጣት ሳይዘረጋ የሚደርስበት ያነሰ ይገፋል። ሁለቱም ካልሆኑ ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ የእግር ፔዳል አለ፤ ኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ስለሚያየው ዲስኮርድ ላይ እንደማንኛውም ቁልፍ ይታሰራል። እጅ ሙሉ በሙሉ ነጻ ይወጣል።

ኪቦርድ ላይ ካሉት Left Alt ለአውራ ጣት ቅርብ ነው፤ ነገር ግን Alt ይዞ Tab የነካ ሰው ከጨዋታው ይወጣል፣ F4 የነካ ደግሞ ጨዋታውን ይዘጋዋል። Caps Lock ትንሿን ጣት ከShift ላይ ያነሳታል። ፊደል መምረጥ ሌላም ጣጣ አለው፦ ዲስኮርድ ቁልፉን ለራሱ አያስቀርም፤ ጨዋታውም ያየዋል። V ጨዋታው ውስጥ ሌላ ሥራ ካለው በተናገርክ ቁጥር ያ ሥራ ይፈጸማል። በተቃራኒው፣ የጽሑፍ ቻት ላይ V ያለበት ቃል በተጻፈ ቁጥር ማይኩ ይከፈታል።

ርካሽ ኪቦርድ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ አንዳንድ ሦስት ፊደሎች አንድ ላይ ሲያዙ ሦስተኛውን አያዩም። W እና D ተይዘው ሦስተኛው ቁልፍ ሲጫን ማይኩ ላይከፈት ይችላል፤ ተጫዋቹ ሲቆም ግን ይሠራል። ስለዚህ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሲሮጥ ነው ወይስ ቆሞ?» ተብሎ ነው። ማረጋገጫው ኖትፓድ ከፍቶ W እና D እንደተያዙ የንግግር ቁልፉን መንካት ነው፤ ፊደሉ ካልታየ ጥፋተኛው ኪቦርዱ ነው። Shift፣ Ctrl እና Alt ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ስለሚነበቡ ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው፤ የማውስ ቁልፍማ ከነጭራሹ አይመለከተውም።

ጸሐፊው ሊሉት ሲችሉ ያላሉትን አንድ የቁልፉን ድክመት እኔ ልጨምር። ጨዋታው በአድሚኒስትሬተር መብት ተከፍቶ ዲስኮርድ ያለዚያ መብት ከተከፈተ፣ ዊንዶውስ በጨዋታው መስኮት ላይ የተጫነውን ቁልፍ ለዲስኮርድ አያሳየውም። ምልክቱ አያሳስትም፦ ዴስክቶፕ ላይ ሆነህ ስትጫን በስምህ ምስል ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይበራል፣ ጨዋታው ውስጥ ስትገባ አይበራም። መፍትሔው ጨዋታውን ያለ አድሚኒስትሬተር መክፈት፣ ያ ካልሆነ ዲስኮርድንም በዚያው መብት መክፈት ነው። በብራውዘር ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ቁልፉ የሚሠራው ያ ታብ ፊት ለፊት ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን መጫን ግድ ይለዋል። በድምፅ የሚከፈት ማይክ እነዚህ ሁለት ጣጣዎች የሉበትም። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው።

በአንጻሩ ቁልፍ ብቻ የሚሠራው ሥራም አለ። ሦስት ጓደኛሞች በዲስኮርድ ሆነው ከሁለት ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተመድበዋል እንበል። ለሁለቱ የሚነገረው በጨዋታው መነጋገሪያ፣ ለጓደኛሞቹ የሚነገረው በዲስኮርድ ነው። የዲስኮርዱ ማይክ በድምፅ የሚከፈት ከሆነ፣ ለሁሉም ተብሎ በጨዋታው የተነገረው ለጓደኞቹ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ እንደ ገደል ማሚቶ። ሁለት የጎን ቁልፍ ያለው ሰው አንዱን ለዲስኮርድ፣ አንዱን ለጨዋታው ያስርና ለማን እንደሚናገር ይመርጣል። ማይክ ድምፅ መኖሩን ይለያል እንጂ ድምፁ ለማን እንደሆነ አይለይም።

ስለ ጫጫታ

ኖይዝ ሰፕሬሽን ብዙ ነገር አስተካክሏል፤ ዲስኮርድ ውስጥ ያለው ክሪስፕ የፋንን ሁምታና የኪቦርድን ቀጭታ አጥፍቶ ንግግሩን ማስቀረት ይችላል። ግን የሚያጠፋው ንግግር ያልሆነውን ነው። በክፍሉ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ወንድም፣ የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ ተጫዋቹ ራሱ ዞር ብሎ ለቤተሰቡ የሚመልሰው መልስ፣ ሁሉም ንግግር ነው። ጫጫታ አጥፊው እነዚህን አጥርቶ ያስተላልፋቸዋል፤ ሥራው ይህ ነውና።

ወለሉን ራስን ችሎ ማስተካከልስ? በ`Input Sensitivity` ሥር ያለው በራሱ እንዲወስን የሚያደርገው ማብሪያ ሲጠፋ ከ-100 እስከ 0 ዴሲቤል የሚሄድ መንሸራተቻ ይመጣል፤ ሲናገሩም የድምፁ ኃይል እዚያው ላይ ይታያል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማይኩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአፍ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተቀምጧል። የፋኑ ድምፅ -65 ላይ ይንቀሳቀሳል። የኪቦርዱ ቀጭታ እስከ -45 ይዘላል። ተጫዋቹ እንደተለመደው ሲናገር -30 አካባቢ ነው። ማታ ሰው እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን -48 ይሆናል። አሁን ወለሉ የት ይቀመጥ? -55 ላይ ከሆነ በእያንዳንዱ ቀጭታ ማይኩ ይከፈታል። -40 ላይ ከሆነ ዝቅ ያለው ንግግር ጭራሽ አያልፍም። በ-48 እና በ-45 መካከል ቢሆን ደግሞ ንግግሩ ታግዶ ቀጭታው ያልፋል። ንግግሩ ከቀጭታው በታች እስካለ ድረስ ትክክለኛ ቦታ የሚባል ነገር የለም፤ መንሸራተቻውን ሌሊቱን ሙሉ ቢገፉት አይገኝም።

መፍትሔው ያለው ማይኩ ዘንድ ነው፤ ለጸሐፊውም ወገን ይጠቅማል። ማይክና አፍ ያለው ርቀት በግማሽ በተቀነሰ ቁጥር ድምፁ በግምት 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ40 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ 12 ዴሲቤል ይሆናል። ዝቅ ያለው ንግግር ከ-48 ወደ -36 ወጣ ማለት ነው። ኪቦርዱ ከማይኩ ያለው ርቀት ካልቀነሰ ቀጭታው እዚያው -45 አካባቢ ይቀራል። አሁን ወለሉ -40 ላይ ቢቀመጥ ንግግሩ ሁሉ ያልፋል፣ ቀጭታው ይታገዳል። ከአፉ ጎን የሚታጠፍ ማይክ ያለው ሄድሴት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። አፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጉንጭ ዞር ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ትንፋሽ እንደ ነፋስ ያንኳኳዋል። እንዲህ የተዘጋጀ፣ ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው በድምፅ በሚከፈት ማይክ ቡድኑን ሳያስቸግር ሊጫወት ይችላል። ይህን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። በላፕቶፕ ማይክ፣ በስፒከር፣ ሰው በሚገባ በሚወጣበት ክፍል ያለ ሰው ግን «ቁልፉን እርሳው» ሲባል አራት ሰው እንዲረብሽ ነው የተመከረው።

ረብሻው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የካውንተር ስትራይክ 2ን አንድ የተለመደ ሁኔታ እንይ። ቦምቡ ተተክሏል፤ ከተተከለ እስኪፈነዳ 40 ሰከንድ ነው። ለማክሸፍ በማክሸፊያ መሣሪያ 5 ሰከንድ፣ ያለ እሱ 10 ሰከንድ ይፈጃል። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ከጠላትም አንድ። በሕይወት ያለው ሰው ያለው መረጃ ዱካ ብቻ ነው፦ ጠላት በየት በኩል ነው፣ ቆሟል ወይስ እየተጠጋ ነው? የሞቱት አራት ጓደኞች ማይካቸው በድምፅ የሚከፈት ነው። እያንዳንዱ በአሥር ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢከፈትበት፣ በትንፋሽ፣ በወንበር ጩኸት ወይም «አይ!» በማለት፣ በ40 ሰከንድ አራት አራት ሰከንድ ይሆናል። የአራቱ ሲደመር፣ ካልተደራረበ፣ 16 ሰከንድ። ከጊዜው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዱካ የማይሰማበት ሆነ ማለት ነው፤ ማንም ደግሞ ክፉ ነገር አላደረገም፣ ሁሉም ዝም ብለው የተቀመጡ ይመስላቸዋል።

የጣቱ ክርክር የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። የሞተ ተጫዋች W፣ A፣ S፣ D አይፈልግም። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ፈትተዋል፤ ስለዚህ ቁልፍ መጫን ምንም አያስከፍለውም። ጣቱ ውድ የሆነው በሕይወት ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ማውራት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መስማት ነው። ቁልፉ በጣም የሚጠቅምበት ሰዓትና ምንም የማያስከፍልበት ሰዓት አንድ ሆነ።

ቁልፍ ለመያዝ በጭራሽ ያልተመቸው፣ ነገር ግን ቡድኑን ማስቸገር የማይፈልግ ሰው መካከለኛ መንገድ አለው። በዲስኮርድ `Keybinds` ገጽ ላይ `Push to Mute` የሚባል አለ፤ ማይኩ በድምፅ ይከፈታል፣ ቁልፉ ሲያዝ ግን ይዘጋል። በሕይወት እያለ እጁን ነጻ አድርጎ ይናገራል፣ ሲሞት የመጨረሻውን መረጃ ሰጥቶ ያን ቁልፍ ይዞ ይቆያል። አንዴ ነክቶ ማጥፋትና መልሶ ማብራት የሚለውን `Toggle Mute` ግን ለዚህ አልመክርም፤ ሰው ማብራቱን ይረሳና ቀጣዩን ራውንድ ለራሱ ብቻ ሲናገር ይጫወታል።

ቁልፍ መያዝ ጭራሽ የማይችሉ ሰዎችም አሉ፤ የእጅ ጉዳት ያለባቸው፣ ወይም በጌምፓድ ስለሚጫወቱ ትርፍ ቁልፍ የሌላቸው። ስለዚህ «ሁሉም በፑሽ ቱ ቶክ ብቻ» የሚል ሕግም ልክ እንደ ጸሐፊው «ሁሉም በድምፅ» የተሳሳተ ነው። የሰርቨሩ ኃላፊ የውድድር ቻናሉን ፈቃዶች ከፍቶ `Use Voice Activity` የሚለውን ለሁሉም ቢከለክል፣ እዚያ የሚገቡት በቁልፍ ብቻ ይናገራሉ። ከዚያ እዚያው ገጽ ላይ ያን አንድ ሰው በስሙ ጨምሮ ይህንኑ ፈቃድ ለእሱ ብቻ መክፈት ይቻላል፤ ለግለሰብ የተሰጠው ፈቃድ ለሁሉም ከተባለው ክልከላ ይበልጣል። ያን ካደረገ በኋላ የዚያን ሰው ማይክ ከአፉ 10 ሴንቲ ሜትር ማድረስና ወለሉን አብሮት ተቀምጦ ማስተካከል የቡድኑ ሥራ ነው።